በዕብራይስጥ ቃል ጫፍ ላይ የተለጠፉትን «እኔ፣ አንተ፣ እሱ» እንዴት ነው የምትፈቱት? (መዝሙር 23ን ይዤ ተቸግሬያለሁ)

ጀማሪው

ሰላም ለሁላችሁ። ነጥብ፣ ማለትም የአናባቢ ምልክት፣ በሌለው ጽሑፍ መዝሙር 23ን (በግዕዙ ዳዊት 22 የሆነውን) እያነበብኩ ነው። ስልኬ የዕብራይስጥ ፊደል ስለማይጽፍልኝ እያንዳንዱን ፊደል በኛ ሳድስ እተካዋለሁ፤ አሌፍን በእ፣ ቫቭን በው፣ ሔትን በሕ፣ ሄን በህ፣ ካፍን በክ እያልኩ ማለት ነው። አነባበቡን ስጽፍ ግን በአናባቢው እጽፋለሁ።

የቸገረኝ ቃሉ መዝገበ ቃላት ውስጥ አለመገኘቱ ነው። ለምሳሌ ቁጥር 6 ላይ «ይርድፍውንይ» የሚል ሰባት ፊደል ያለው ቃል አለ። በዮድ የሚጀምሩትን ሁሉ ገልጬ አጣሁት። ከዚያ በላይ ደግሞ «ልፍንይ»፣ «ጽርርይ»፣ «ይምይ ሕይይ» የሚሉ አሉ፤ ሁሉም በዮድ ያልቃሉ። ከየት ልጀምር?

ሁሉም ዮድ

ቀላል ነው ወንድሜ። መጨረሻው ዮድ ከሆነ «የእኔ» ነው። የኛ «ቤቴ» እነሱ ጋ «ቤቲ» ነው። ዮዷን ቆርጠህ ጣል፣ የቀረውን መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈልግ። «ንፍሽይ» ናፍሺ ነው፤ ዮዱን ስታነሳ «ንፍሽ» ይቀራል፣ ነፍስ ማለት ነው። ነፍሴ። አለቀ።

ፊደል ቆጣሪ

ናፍሺ ላይ ትክክል ነህ። ግን ያንን ሕግ ይዞ የገባ ሰው እዚሁ መዝሙር ውስጥ ቢያንስ ሦስት ቦታ ይወድቃል። አንድ በአንድ እንየው።

ጀማሪው፣ መጀመሪያ የምትቆርጠው ከፊት ነው። ከስም ፊት የሚለጠፉት ፊደላት ሰባት ብቻ ናቸው፦ ም፣ ሽ፣ ህ፣ ው፣ ክ፣ ል፣ ብ። ዕብራይስጥ አስተማሪዎች «ሞሼ ቬካሌቭ» ብለው ያስይዟቸዋል፣ ሙሴና ካሌብ ማለት ነው፤ የሁለቱን ስምና መሐላቸው ያለውን «እና» በፊደል ስትጽፋቸው ሰባቱ ሙሉ ይወጣሉ። ከግስ ፊት ደግሞ ይ፣ እ፣ ት፣ ን ይመጣሉ፤ እነዚህ እንደ አማርኛው «ይ-፣ እ-፣ ት-፣ እን-» ባለቤቱን ይነግሩሃል።

ከዚያ ወደ ኋላ ዙር። እዚህ ላይ አንድ መንታ መንገድ አለ፤ «እኔ» ከስም ጋር ሲለጠፍ ዮድ ብቻ ነው፣ ከግስ ጋር ሲለጠፍ ግን ኑንና ዮድ፣ «ኒ» ነው። ግዕዝ «ቀተለኒ» ይል የለ? አማርኛም «ገደለኝ» ሲል ያው ኒ ነው ወደ ኝ የተለወጠው። ስለዚህ ፊቱ ይ፣ ጀርባው ንይ የሆነ ቃል ካየህ ስም ፍለጋ አትሂድ፣ ግስ ነው ብለህ ተነሳ።

አሁን ይርድፍውንይን ውሰድ። ከኋላ ንይ አንሳ፣ «እኔን» ነው። የቀረው ይርድፍው። መጨረሻው ው «እነሱ» ነው፣ ባለቤቱ ብዙ መሆኑን ይናገራል። ፊቱ ያለው ይ የሦስተኛ መደብ ምልክት ነው። መሐል የቀሩት ር፣ ድ፣ ፍ ናቸው፤ መዝገበ ቃላት ውስጥ የምትፈልገው ይህን ነው፣ አሳደደ፣ ተከታተለ። አነባበቡ ይርድፉኒ። ከአማርኛው «ይከተሉኛል» ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው፦ ይ፣ ሥሩ፣ ኡ፣ ኝ። ከመጨረሻው «ኣል» በቀር ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን መዋቅር ሳያውቀው ተሸክሞት ነው የሚዞረው፤ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ግን በአንድ ቃል ውስጥ ባለቤትና ተሳቢ አብረው ሲያይ ይደነግጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ንይን ስታነሳ የቀረውን ቁጠር። «ብንይ» (በኒ፣ ልጄ) ውስጥ ንይን ብታነሳ ብ ብቻ ይቀርሃል፤ «ዕይንይ» (ዔኒ፣ ዓይኔ) ላይም እንዲሁ ኑኗ የቃሉ የራሷ ናት። እንዲህ ሲገጥምህ ኑኗን መልሰህ ዮዷን ብቻ አንሳ።

ጀማሪው

እግዜር ይስጥልኝ! ይርድፉኒ ገባኝ። በዚያው ሞቅታ ቁጥር 2፣ 3 እና 4 ላይ ያሉትን ሦስት ግሶች ሞከርኩ፤ ሦስቱም በይን ጀምረው በንይ ያልቃሉ።

የመጀመሪያው ይንህልንይ፣ ሥሩ ን፣ ህ፣ ል ወጣልኝ፣ መራ። ጥሩ። ሁለተኛው ይንሕንይ ላይ ግን ይ እና ንይን ሳነሳ ን እና ሕ ብቻ ቀሩ። መዝገበ ቃላት ውስጥ ኑን፣ ቫቭ፣ ሔት የሚል «ዐረፈ» አገኘሁና «ያሳርፈኛል» ብዬ ጻፍኩ። ሦስተኛው ይንሕምንይ፣ ሥሩ ን፣ ሕ፣ ም፣ «ያጽናናኛል» አልኩ። ልክ ነኝ?

ፊደል ቆጣሪ

የመጀመሪያው ልክ ነው። ሁለቱ ጥሩ ስህተቶች ናቸው፤ ሁለቱም ምክንያት አላቸው።

ይንሕንይ ያንሔኒ ነው፣ «ይመራኛል»። ሥሩ ን፣ ሕ፣ ህ ነው። መጨረሻቸው ህ የሆነ ሥሮች ተለጣፊ ሲመጣባቸው ህዋን ይጥላሉ፤ መዝገበ ቃላት ግን ከነህዋ ነው የሚመዘግባቸው። ስለዚህ ሁለት ፊደል ብቻ ሲቀርህ ሦስተኛውን ለመፈለግ በዚህ ቅደም ተከተል ሞክር፦ መጀመሪያ መጨረሻው ላይ ህ ጨምር፣ ካልሆነ መሐል ላይ ው ወይም ይ፣ ካልሆነ መጀመሪያ ላይ ን ወይም ይ። አንተ በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ዘለልክ። «ያሳርፈኛል» ቢሆን ኖሮ አነባበቡ የኒሔኒ ነው፣ በአብዛኛውም ሔቷ ፊት ተጨማሪ ዮድ ታያለህ። አናባቢ ያለበት እትም ብትከፍት ደግሞ ኑኗ ሥር የቆመው ምልክት ወዲያው ይለያቸዋል።

በነገራችን ላይ ህንና ሕን እኛ በጆሯችን አንለያቸውም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ አማርኛ ውስጥ አንድ ስለሆኑብን ን-ህ-ልን በሔት ፊደል ሥር እየፈለገ የሚደክም አማርኛ ተናጋሪ ብዙ ነው። በዓይን ብቻ ተማመን።

ሦስተኛው ይበልጥ ይገርማል። ይንሕምንይ በፊደል ስታየው ባለቤቱ «እሱ» ነው የሚመስለው፣ ምክንያቱም «እነሱ» የሚለው ው የለም። ግን አነባበቡ የናሐሙኒ ነው፣ «ያጽናኑኛል»። ኡዋ አለች፣ ፊደል ሆና ግን አልተጻፈችም፤ በነጥብ እትም ከሜሟ ሥር በሰያፍ የተደረደሩ ሦስት ነጥቦች ሆና ነው የምትታየው። ከሁለት ቁጥር በኋላ ይርድፉኒ ላይ ያቺው ኡ በቫቭ ተጽፋለች። አጻጻፉ ወጥ አይደለም፣ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንዲህ ነው።

ታዲያ ነጥብ የሌለው እትም የያዘ ሰው በምን ይወቅ? ከፊቱ ያለውን ቃል በማየት። «ሽብጥክ ውምሽዕንትክ ህምህ ይንሕምንይ» ነው የሚለው፤ ህምህ (ሄማ) «እነሱ» ነው። ሁለት ነገር ተጠቅሶ፣ ከዚያም «እነሱ» ተብሎ ግሱ ነጠላ ሊሆን አይችልም። ተለጣፊ ግስ ስትፈታ ባለቤቱን ከቃሉ ውጭም ፈልገው።

የሐይፋዋ

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። እኔ የመዝሙሩን ሳይሆን የደብዳቤውን ነበር የምፈልገው። ከመሥሪያ ቤት የሚመጡ ደብዳቤዎች ላይ «ፍንይይትክ» የሚል ቃል አለ፣ ፕኒያ የሚባለውን አውቃለሁ፣ ማመልከቻ ነው፤ ታቭዋ ከየት መጣች? ደግሞ «ብርጽውንንው» ላይ ሁለት ኑን ለምን? በንግግር «ሸልኻ፣ ሸላኑ» ነው የምንለው፣ እንዲህ ብሎ የሚያወራ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ፊደል ቆጣሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽ እዚሁ ቦታው ነው። በንግግር የሚቀረው ተለጣፊ በደብዳቤ፣ በሕግና በዜና ላይ አለ።

ፕኒያ በህ የሚያልቅ አንስታይ ስም ነው። ተለጣፊ ሲመጣባት ያቺ ህ ወደ ት ትለወጣለች፤ ጥንት ት ነበረች፣ ጫፍ ላይ ስትቀር ነው የሳሳችው፣ ነገር ሲደገፍባት ተመልሳ ትወጣለች። ስለዚህ ፍንይይትክን ስትፈቺ ክን አንሺ፣ የቀረችውን ት ወደ ህ መልሺ፣ ፍንይይህ ይሆናል፣ መዝገበ ቃላት ውስጥ ያለው እሱ ነው። «ልይድይዕትክ» (ሊዲያትኻ፣ «ለመረጃህ» እንደማለት) ላይም ልን ከፊት አንስተሽ ያንኑ አድርጊ። ግን ሁልጊዜ አይደለም። መዝሙሩ ላይ ያለው ምሽዕንትክ፣ «ምርኩዝህ»፣ ታቭዋ መጀመሪያም የቃሉ ናት፣ ሚሽዔኔት። ወደ ህ መልሰሽ ካላገኘሽው በታቭ ፈልጊው።

ብርጽውንንው ላይ የመጀመሪያዋ ኑን የራጾን ናት፣ ፈቃድ፤ ሁለተኛዋ ከቫቭ ጋር «የእኛ» ናት፤ ብ ደግሞ ከፊት የመጣች ናት። «በፈቃዳችን»፣ ማለትም «እንፈልጋለን» የሚሉበት የደብዳቤ አባባል ነው።

አንቺ ሴት ስለሆንሽ አንድ ነገር ልብ በይ። ያችው ክ ለወንድ ፕኒያትኻ፣ ለሴት ፕኒያቴኽ ተብላ ትነበባለች፣ አጻጻፏ ግን አንድ ነው። አማርኛ ህ እና ሽ ብሎ ለይቶ ይጽፋል፤ እነሱ ለአንባቢው ይተዉታል።

የሐይፋዋ

ለካ ለወንድ የጻፉልኝ እየመሰለኝ ነበር ስናደድ የነበረው። አመሰግናለሁ። «ሸልኻ» ሲባል ግን ፊቱ ላይ «ሀ» አለ፣ «ሀፕኒያ ሸልኻ»፤ ፍንይይትክ ላይ ለምን የለም?

ፊደል ቆጣሪ

ተለጣፊው ራሱ ቃሉን የታወቀ ስላደረገው ህ አያስፈልግም። በጣት ከሚቆጠሩ እንግዳ ቦታዎች በቀር ስም ላይ ሁለቱ አብረው አይመጡም። ይህ ለፍቺ ይጠቅማል፤ ፊቱ «ሀ» የሚል መስተአምር ህ መሆኑን ካረጋገጥክ፣ መጨረሻው ላይ ያለው ው ወይም ክ የባለቤትነት ተለጣፊ ሳይሆን የቃሉ የራሱ ሊሆን እንደሚችል ጠርጥር።

የቆሎ ተማሪ

ሰላም ለቤቱ። እኛ ጋ ይህ ሁሉ «ዝርዝር» ነው የሚባለው፤ ግዕዝ የቆጠረ ሰው ዕብራይስጡን ሲያይ የዘመድ ቤት የገባ ያህል ነው የሚሰማው።

ፊደል ቆጣሪ ስለ ህ ካነሡ አይቀር፣ አማርኛ ተናጋሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። አማርኛ «ቤቱ» ሲል ወይ «የእሱ ቤት» ወይ ያ የታወቀው ቤት ነው፤ ሁለቱን በአንድ ኡ ጠቅልሎታል። ዕብራይስጥ ግን ይለያል፦ «ሀባይት» ያ ቤት፣ «ቤቶ» የእሱ ቤት። ስለዚህ ቤቶን አይቶ «ቤቱ» ብሎ የተረጎመ ሰው ልክ የተረጎመ ይመስለዋል፣ አንባቢው ግን «የማን» የሚለውን ያጣል። መዝሙሩ ላይ «ሽምው» (ሽሞ) አለ፣ «ስለ ስሙ»፤ እዚያ ላይ ዐውዱ ያድናል፣ ሌላ ቦታ ግን አያድንም።

ሁለተኛ፣ ጀማሪው የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ጎን ለጎን ከያዘ ቁጥር 6 ላይ ይቸገራል። አማርኛው «ቸርነትህና ምሕረትህ» ይላል። ዕብራይስጡ ላይ ጦቭ ዋሔሴድ ብቻ ነው፣ ምንም ክ የለበትም። ክን ፍለጋ ጊዜ እንዳያጠፋ ነው የምጽፈው። ግሪኩ የሰባ ሊቃናት ትርጉም ግን «ምሕረትህ» ብሎ «ህ»ውን አለው።

ጀማሪው

መምህር፣ ሁለት ቀን ነው ያንን ክ የፈለግኩት 😅

የቆሎ ተማሪ

ቁጥር 5 ላይም ያንኑ ታገኛለህ፤ ዕብራይስጡ ክውስይ፣ ኮሲ፣ «ጽዋዬ» ሲል ግሪኩ «ጽዋህ» ይላል። አማርኛው እዚያ ላይ ከዕብራይስጡ ጋር «ጽዋዬም» ብሎ ሄዷል። ትርጉም ለማረጋገጫ እንጂ ለመፍቻ አይሆንም የምለው ለዚህ ነው።

ፊደል ቆጣሪ

አሁን ወደ ዮዶቹ። «ሁሉም ዮድ» ያለው ሕግ የሚወድቅበት ቦታ ይህ ነው።

ልፍንይ ሁለት ቃል ሊሆን ይችላል። ለፋናይ ከሆነ «በፊቴ» ነው። ሊፍኔ ከሆነ «በ...ፊት» ነው፣ ማለትም ተናባቢ፤ ቀጥሎት የሚመጣውን ስም ይፈልጋል። ፊደላቸው አንድ ነው። እንግዲህ ዓረፍተ ነገሩ «ትዕርክ ልፍንይ ሽልሕን» ነው፤ ሹልሓን ገበታ ነው። ተናባቢ ነው ብለን እንሞክረው፦ «በገበታ ፊት ታዘጋጃለህ»። ምኑን? ግሱ ተሳቢ አጥቶ ይቀራል። ስለዚህ ለፋናይ ነው፣ «በፊቴ ገበታ ታዘጋጃለህ»። ተናባቢ መሆኑን የምትፈትነው እንዲህ ነው፤ ቀጥሎ ያለውን ቃል ለእሱ ስጠውና የቀረው ዓረፍተ ነገር ይቆም እንደሆነ እይ።

ጽርርይ ላይ ቀጥሎ የሚመጣው «ድሽንት»፣ «ቀባህ» የሚል ግስ ነው። ግስ ላይ መናበብ አይቻልም፣ ስለዚህ «የእኔ» ነው። ግን «ጠላቴ» ነው ወይስ «ጠላቶቼ»? በፊደል አይለይም። ብዙ ቁጥር መሆኑን የምናውቀው በነጥቡ ብቻ ነው፦ ጾረራይ። በአንድ ስም ላይ ዮድ ስትለጠፍ «ኢ» ትላለች፣ በብዙ ላይ «አይ»። ከሌሎቹ ተለጣፊዎች ጋር ግን ብዙ ቁጥር በፊደልም ይታያል፤ ብንው (በኖ) ልጁ፣ ብንይው (ባናቭ) ልጆቹ። መሐል የገባችው ዮድ አትሰማም፣ ግን «ብዙ ናቸው» ትላለች።

ይምይ ሕይይ ጥሩ ነው፤ ሁለቱም በዮድ ያልቃሉ፣ ሥራቸው ግን የተለያየ። ይምይ ቀጥሎት ስም አለ፣ ስለዚህ ተናባቢ፣ የሜ፣ «የ...ዘመን»። ሕይይ ቀጥሎት በው የሚጀምር አዲስ ሐሳብ አለ፣ የሚናበብበት የለም፣ ስለዚህ «የእኔ»፣ ሐያይ። ሕይወት በዕብራይስጥ ሁልጊዜ በብዙ ቁጥር ቅርጽ ስለሚሄድ ነው «አይ» የሆነው፤ «ሕይወቶቼ» ብለህ እንዳትተረጉም።

ሁሉም ዮድ

እሺ ተሸነፍኩ። ግን መሐል ያለች ዮድ «ብዙ» ናት ካልክ ዕልይው (ዓላቭ) «በእሱ ላይ» ሲሆን ምን ሊበዛ ነው? ደግሞ ስለ ንው አንድ ነገር ልጨምር፤ መጨረሻው ንው ከሆነ ሁልጊዜ «እኛ» ነው፣ እዚህ ላይ እንኳን አትከራከረኝም። ራጾኔኑ፣ ላኑ፣ ባኑ።

ፊደል ቆጣሪ

ስለ ዕልይው ልክ ይዘኸኛል። ዓል፣ ኤል፣ ሊፍኔ፣ አሐሬ፣ ታሐት የሚሉት መስተዋድዶች ተለጣፊያቸውን የሚይዙት እንደ ብዙ ስም ነው፤ ዓላይ፣ ዓሌኻ፣ ዓላቭ። ቅርጽ ብቻ ነው፣ የሚበዛ ነገር የለም። ል እና ብ ግን እንደ ነጠላ ነው የሚይዙት፦ ሊ፣ ለኻ፣ ሎ። ስለዚህ ዮዷ ብዛት የምትናገረው ስም ላይ ብቻ ነው። ይህን ቀደም ብዬ መለየት ነበረብኝ።

ስለ ንው ግን እከራከርሃለሁ። መዝሙር 8፣ በዕብራይስጡ አቆጣጠር ቁጥር 5 ላይ «ትዝክርንው» እና «ትፍቅድንው» አሉ። በአንተ ሕግ «ታስበናለህ፣ ትጎበኘናለህ» ይሆናሉ። ትርጉማቸው ግን «ታስበው ዘንድ፣ ትጎበኘው ዘንድ» ነው። አነባበቡ ቲዝክሬኑ ሲሆን ኑኗ ጠብቃ ነው የምትነበበው፤ በግስና በ«እሱ» መካከል የገባች ኑን ናት፣ የ«እሱ»ን ሄ ውጣ ጠበቀች። «እኛን» ቢሆን ኑኗ ትላላ ነበር። በፊደል ሁለቱ አንድ ናቸው፤ በነጥብ እትም ኑኗ ሆድ ውስጥ ነጥብ ካለ «እሱ»፣ ከሌለ «እኛ»። አማርኛ ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም ብለን እናማርራለን፣ ነጥብ የሌለው ዕብራይስጥም በዚህ ከኛ አይሻልም።

ነጥብ በሌለበት ደግሞ ተጠቃሹን ፈልግ። እዚያ ላይ ቀድሞ የመጣው ኤኖሽ፣ «ሰው» ነው፣ ነጠላ ወንድ። «እኛ» የሚል ማንም ቁጥሩ ውስጥ አልተነሣም።

ሁሉም ዮድ

ነጥብ ያለበት እትም ይዤ ብሄድ እንግዲህ አልሳሳትም ማለት ነው?

ፊደል ቆጣሪ

በዚህኛው አትሳሳትም። ምምንው ላይ ግን ነጥብም አያድንህም። ሚሜኑ «ከእሱ»ም ነው «ከእኛ»ም ነው፣ ነጥቡ አንድ ነው። ዘፍጥረት 2፥17 ላይ «ከእሱ አትብላ» ሲባል ሚሜኑ ነው፤ 3፥22 ላይ «ከእኛ እንደ አንዱ» ሲባልም ሚሜኑ ነው። ዘኍልቍ 13፥31 ላይ ሰላዮቹ ስለ ከነዓን ሕዝብ «ሚሜኑ ይበረታል» ይላሉ፣ «ከእኛ» ነው ግልጹ ንባብ። ታልሙድ ውስጥ ግን ይህንኑ ቃል «ከእሱ» ብሎ የወሰደ አለ፤ ሰላዮቹ ፈጣሪ እንኳን አይችላቸውም ማለታቸው ነው ብሎ። በአንድ ተለጣፊ የተነሣ የሰዎቹ ጥፋት ከፍርሃት ወደ ስድብ ተቀየረ።

ጀማሪው

አንድ ቀረኝ። የመዝሙሩ የመጨረሻ ሐረግ ውሽብትይ ብብይት ... ነው። በተማርኩት መሠረት ውን አነሳሁ፣ ዮድን አነሳሁ፣ ሽብት ቀረ። ታቭዋን ወደ ህ ስመልሳት ሌላ ቃል ሆነ። «መቀመጤ» ነው ወይስ ግስ ነው?

ፊደል ቆጣሪ

ግስ ነው። ነጥቡ ወሻቭቲ ይላል። መጨረሻው ትይ እንደ ግዕዙ «-ኩ» የአንደኛ መደብ ባለቤት ነው፣ «የእኔ» አይደለም። ሥሩ ሽ፣ ው፣ ብ፣ «ተመለሰ»፤ መሐሉ ው የሆነ ሥር ስለሆነ እዚህ ቫቭዋ ወድቃለች። «እመለሳለሁ»። ስለዚህ በትይ የሚያልቅ ቃል ስታይ ታቭዋ የስሙ ናት ወይስ የግሱ ብለህ መጠየቅ ግድ ነው።

የቆሎ ተማሪ

ይቅር ይበሉኝና እዚህ ላይ አልስማማም። «እመለሳለሁ» ከሆነ ቀጥሎ «ብ» ለምን መጣ? የሚመለስ ሰው «ወደ ቤት» ነው የሚመለሰው፣ «በቤት» አይደለም። መዝሙር 27፥4 ላይ ያው ሽብትይ በነዚሁ ፊደላት ከ«ብብይት» ጋር መጥቷል፣ እዚያ ነጥቡም ሺቭቲ ይላል፣ «መኖሬ»፤ ከ«ይ፣ ሽ፣ ብ» የወጣ ሆኖ ዮዱ ተለጣፊ ነው። ግሪኩም እዚህ ላይ «መኖሬ» ብሎ ነው የተረጎመው። አማርኛው «እኖራለሁ» ያለው በከንቱ አይደለም።

ፊደል ቆጣሪ

የመስተዋድዱ ነገር ከባድ መከራከሪያ ነው፣ አልክድም። ያም ሆኖ «ተመልሼ በዚያ እኖራለሁ» የሚለውን አጥፎ ይዟል ብለው ነጥቡን የሚጠብቁ አሉ፤ ወያሻቭቲ፣ «እኖራለሁም» የሚለው ግስ ዮዱን ጥሎ ነው የሚሉም አሉ። እነዚህ ሁሉ ከተመሳሳይ አምስት ፊደላት ነው የሚነሡት። እኔ ለተማሪ የምነግረው ነጥቡን ተከትሎ ወሻቭቲ ብሎ እንዲያነብ ነው፤ ሲተረጉም ግን ማስታወሻ ይጻፍበት።

የቆሎ ተማሪ

እኔ ደግሞ በ27፥4 ይፍታው እላለሁ። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያያቸው፤ እዚያም «ይምይ ሕይይ» አለ፣ ልክ እንደዚህኛው። አንድ ዓይነት አነጋገር ነው።

ጀማሪው

27ን ከፈትኩት፣ እውነትም ሁለቱም አሉበት። ወረቀቴ ላይ ሁለቱንም ንባብ ጎን ለጎን ጽፌያቸዋለሁ። ከሱ በላይ ያለችው ዕምድይ ግን አሁንም አልተፈታችልኝም፤ ዕም «ከ...ጋር» ከሆነ ዳሌትዋ ምን ትሠራለች?

ፊደል ቆጣሪ

ዒማዲ፣ «ከእኔ ጋር»። ትርጉሙ ከተለመደው ዒሚ ጋር አንድ ነው፣ ከ«እኔ» ጋር ብቻ ነው የሚመጣው፤ «ዒማድኻ» የሚል የለም። ዳሌትዋን ለመፍታት አትድከም፣ ቃሉን እንዳለ ያዘው።

የሐይፋዋ

እኔም አዲስ ደብዳቤ መጥቶልኛል፣ «ብምልውእይ» የሚል አለበት። ከፊት ብ፣ ከኋላ ዮድ... ነገ እሞክረውና እመለሳለሁ፣ ማንም እንዳይነግረኝ።